ዛፉ ክብደቱን ከየት አመጣው? የአንድ ትምህርት ጥያቄዎች ሦስት ጊዜ የተጻፉበት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ነው። ርዕሱ ብርሃን አስተጻምሮ፣ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ያንኑ ትምህርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስት የተለያዩ ምድቦች አስተማርኩ፤ የትምህርት ዕቅዱም ሦስት ጊዜ ተጻፈ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዕቅድ የተጻፉት ወድጄ ሳይሆን የመጀመሪያው ስላሳፈረኝ ነው።

በመጀመሪያው ዕቅድ ሰባት ጥያቄዎች ነበሩ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ማስታወስ»፣ «መረዳት»፣ «መተንተን» የሚል ደረጃ ተጽፏል። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ያወጡት፣ በ2001 ደግሞ ተሻሽሎ የታተመው የደረጃ ክፍፍል ስለሆነ እነዚህን ስሞች የማያውቅ መምህር ብዙም የለም። ቅጹ «የሚጠበቅ የተማሪ መልስ» የሚል ዓምድም ነበረው። በዚያ ዓምድ ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት አንድ ነገር ነበር፤ «ተማሪዎች በትክክል ይመልሳሉ»። ቅጹ ተሞልቷል፣ ፊርማም ተፈርሞበታል።

ክፍል ውስጥ የሆነው ይህ ነው። «ብርሃን አስተጻምሮ ምንድን ነው?» አልኩ። ተማሪዎቹ የመጽሐፉን ትርጉም በአንድ ድምፅ አወረዱት። «ምን ምን ያስፈልገዋል?» አልኩ፤ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብርሃን፣ ክሎሮፊል። «ለሕያዋን ለምን ይጠቅማል?» የሚለውን ጥያቄ «መተንተን» ብዬ መድቤው ነበር። እሱም በአንድ ድምፅ ተመለሰ፤ መልሱ በመጽሐፉ በዚያው ገጽ ግርጌ ተጽፏል። ከዚያ እግረ መንገዴን፣ በዕቅዱ ያልነበረ ጥያቄ ወረወርኩ፤ «እንግዲህ የአንድ ትልቅ ዛፍ ክብደት ከየት የመጣ ይመስላችኋል?» ክፍሉ በሙሉ «ከአፈር!» አለኝ። ይህን ያሉት ከሁለት ደቂቃ በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚገባና ስኳር እንደሚሠራበት ያነበነቡት ልጆች ናቸው።

ደንግጬ «አይደለም፣ አብዛኛው ከአየር ነው» አልኩና አለፍኩ። በማግስቱ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያንኑ ጥያቄ ጽፌ ሰጠኋቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም «ከአፈር» ብለው ጻፉ። «ከአየር» ያሉትም ምክንያት ሲጠየቁ «መምህር ስላሉ» የሚል ነበር የብዙዎቹ መልስ።

ክፍሉን ከኋላ ሆነው ሲከታተሉ የነበሩ አንጋፋ ባልደረባዬ ደብተራቸውን ከፍተው ሁለት ነገር አሳዩኝ። አንደኛው፣ ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም እንዳልኩ የቆጠሩበት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መምህራን በአማካይ ከአንድ ሰከንድ ያህል በላይ እንደማይታገሡ፣ ዝምታው ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ምክንያት እንደሚጨምር አሳይታ ነበር። ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የ‹መተንተን› ጥያቄህ ስንት ዓይነት መልስ ይኖረዋል ብለህ ነበር?» አንድ ብቻ ነበር ያሰብኩት። «ታዲያ ይኼ ማስታወስ ነው እንጂ ምኑ መተንተን ነው?» አሉኝ።

ሁለተኛው ዕቅድ የተነሣው ከዚህ ንግግር ነው። «ለምን» ወይም «እንዴት» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ ከፍ ያለ ጥያቄ አይደለም። የጥያቄው ደረጃ የሚታወቀው ሊመጡ የሚችሉትን መልሶች ጽፎ በማየት ነው። ሦስት የተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው ልጁ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚያሳዩ መልሶችን መጻፍ ካልቻልኩ፣ ወይም ትክክለኛው መልስ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተቀመጠ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ቢያጌጥ ማስታወስ ነው።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። በ40ኛው ደቂቃ ከአንድ ተማሪ አፍ ልሰማው የምፈልገውን መልስ መጀመሪያ ጻፍኩ፤ «ዛፉ የጨመረው ክብደት ከአፈሩ አልመጣም፣ አፈሩ የቀነሰው በጣም ትንሽ ነውና። ሙከራውን የሠራው ሰው ከውኃ ብቻ ነው ብሏል፤ ግን ስለ አየሩ ምንም ስላልመዘነ ሊያረጋግጠው አይችልም።» ይህ መልስ ሁለት ማስረጃዎችን አገናኝቶ አንድን ድምዳሜ የሚመረምር ነው። ከዚህ በመነሣት ወደ ታች እየወረድኩ፣ ልጁ ይህን ለማለት በእጁ ምን ሊኖረው ይገባል እያልኩ ጥያቄዎቹን ደረደርኩ።

ለመተንተን የሚተነተን ነገር ያስፈልጋል። እኔ የመረጥኩት የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ኬሚስት የያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንትን የአኻያ ዛፍ ሙከራ ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ በ1648 በታተመው ሥራው እንደ ተረከው፣ 200 ፓውንድ በምድጃ የደረቀ አፈር በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አቧራ እንዳይገባ ዕቃውን ብዙ ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ከደነው፤ የሚያጠጣውም የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ያህል ሲመዝን፣ እንደ ገና የደረቀው አፈር የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ብቻ ነበር። በአራት ዓመታት የመጸው ወራት የረገፉትን ቅጠሎች አልመዘናቸውም። ድምዳሜው እንጨቱም ቅርፊቱም ሥሩም ከውኃ ብቻ ተገኘ የሚል ነበር። የሚያስገርመው፣ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያበረከተው፣ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝም ያጠናው ይኸው ሰው ነው። መልሱ በእጁ ነበር ማለት ይቻላል።

ለተማሪዎቹ ቁጥሮቹን በዛሬው ፓውንድ አስልቼ በአራት መስመር ሰንጠረዥ ሰጠኋቸው። አፈሩ 91 ኪሎ፣ ችግኙ 2 ኪሎ ከ300 ግራም፣ ዛፉ በመጨረሻ 77 ኪሎ፣ አፈሩ የጎደለው 57 ግራም። ጥያቄዎቹ አራት ብቻ ሆኑ።

የመጀመሪያው የማስታወስ ጥያቄ ነው፤ ተክል ስኳር ሲሠራ ወደ ውስጡ የሚገቡት ነገሮች ምንና ምን ናቸው? ከየትስ ይገባሉ? «ከየት» የምትለዋ ቃል በመጀመሪያው ዕቅድ አልነበረችም። በዓምዱ ላይ ሙሉውን መልስ፣ ከዚያም ይመጣሉ ያልኳቸውን ሁለት የተዛነፉ መልሶች ጻፍኩ። አንዱ ብርሃንን እንደ ውኃ የሚገባ ቁስ አድርጎ የሚቆጥር ነው። ሌላው «ማዕድን ከአፈር» የሚል ነው። ለሁለተኛው የጻፍኩት ማሳሰቢያ «አታርም፤ በሰሌዳው ጥግ ጻፈውና ተወው» የሚል ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ይመለሱበታልና። እዚህ ላይ «ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል?» ብዬ አለመጠየቄ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በዕለት ንግግራችን ለተክል ማዳበሪያ መስጠት መመገብ ስለሚባል «ምግብ» የሚለው ቃል ገና ከመነሻው ልጁን ወደ አፈር ይጎትተዋል። «ክብደት» ግን ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ አያከራክርም።

ሁለተኛው ሰንጠረዡን ማንበብ ብቻ ነው፤ ዛፉ ስንት ጨመረ? አፈሩ ስንት ቀነሰ? እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ በዕቅድ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እኔም ልሰርዘው ነበር። የሚጠበቀውን የተሳሳተ መልስ ስጽፍ ግን «57 ኪሎ ቀነሰ» የሚል ሊመጣ እንደሚችል ታየኝ። በእርግጥም መጣ። አንድ የኋላ ወንበር ቡድን ግራሙን ኪሎ ብሎ አንብቦ፣ «ያው አፈሩ ነው ወደ ዛፉ የገባው» ብሎ ተስማምቶ ተቀምጦ ነበር። ይህ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ያ ቡድን ቀጣዩን ጥያቄ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ቆሞ ይመልስ ነበር፤ እኔም ስሕተቱን የአስተሳሰብ ስሕተት አድርጌ እወስደው ነበር።

ሦስተኛው የመረዳት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ለውጦች በራሳችሁ ቃል አነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ዛፉ ጨመረ፣ አፈሩ ቀነሰ» ነው። ይህ መልስ እውነት ነው፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። አፈሩ ወደ ዛፉ ገባ ለሚል ልጅም ደስ ይለዋል። መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ ካለፈው መሰላሉ እዚህ ይሰበራል። ስለዚህ ከዚህ መልስ ጎን ተከታይ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «አፈሩ ያጣው በሙሉ ወደ ዛፉ ገብቶ ቢሆን፣ ሌላ ምንም ባይገባ፣ ዛፉ ስንት ይመዝን ነበር?» ስሌቱ የሕፃን ነው፤ 2 ኪሎ ከ357 ግራም። ልጆቹ ይህን ቁጥር ደብተራቸው ላይ ጽፈው ከ77 ኪሎው ጋር ሲያስተያዩት ክፍሉ ዝም አለ። እኔም በባልደረባዬ ምክር መሠረት በልቤ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ አንድ ልጅ «ታዲያ ሌላው ከየት መጣ?» አለ። በመጀመሪያው ክፍል እኔ የጠየቅሁትን ጥያቄ በሁለተኛው ክፍል ተማሪ ጠየቀው።

አራተኛው የመተንተን ጥያቄ ነው። ቫን ሄልሞንት «ከውኃ ብቻ» አለ፤ በሰንጠረዡ ካለው ውስጥ ይህን የሚደግፈው የትኛው ነው? ያልመዘነውስ ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ዓምድ ላይ አምስት መልሶች ጻፍኩ፤ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው።

«ትክክል ነው፣ የጨመረው ውኃ ብቻ ነውና» የሚለው መልስ በማስረጃ የተደገፈ ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር አለማየት ብቻ ነው። ለእሱ ያዘጋጀሁት «ዛፉን በእነዚያ አምስት ዓመታት የነካው ነገር ሁሉ ምን ምን ነው?» የሚል ነበር። «ተሳስቷል፣ መጽሐፋችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል» የሚለው ደግሞ ድምዳሜው ትክክል፣ መንገዱ ማስታወስ ነው። ለመምህር ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ነው፤ ትክክለኛውን ቃል ስንሰማ እጃችን ወደ ምልክት ማድረጊያው ይሄዳልና። ለእሱ «መጽሐፉ ባይኖርህ፣ ከዚህ ሰንጠረዥ ብቻ ተነሥተህ ምን ትለዋለህ?» አልኩ። ሦስተኛው «የረገፉ ቅጠሎችን አልመዘነም» ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅጠሎቹ ቢጨመሩ ዛፉ ያፈራው ክብደት ይበልጥ ከፍ ይላል እንጂ አፈሩን አያድነውም። ስለዚህ «ቢመዘኑ ልዩነቱን ያሰፉታል ወይስ ያጠቡታል?» የሚል ተከታይ ተጻፈለት። አራተኛው የሚፈለገው መልስ ነው፤ «አየሩን አልመዘነም»። አምስተኛው ተቃውሞ ነው፤ «አየር አይመዝንም፣ እንዴት አድርጎ 74 ኪሎ ይሆናል?» ይህን ላነሣ ልጅ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.2 ኪሎ ያህል መሆኑን ይዤ ገባሁ።

ከአምስቱ አራቱ መጡ። ያልጻፍኩት ስድስተኛም መጣ፤ ያጋጨኝ እሱ ነው። አንዲት ተማሪ «ዛፍ በራሱ ያድጋል፤ ክብደቱ ከየትም አይመጣም» አለች። የሳቀባት ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ የምለው ጠፋብኝ እንጂ። ለዚህች ልጅ አራቱም ጥያቄዎቼ ትርጉም አልነበራቸውም። «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስጨንቀው ቁስ ከምንም እንደማይፈጠር አስቀድሞ የተቀበለን ሰው ብቻ ነው። እኔ ይህን በስድስተኛ ክፍል ተምረውታል ብዬ ዘልዬው ነበር። ስድስት ደቂቃ ያህል ስንተባተብ ቆየሁ፤ በመጨረሻ «እሺ፣ እሱን ነገ እናየዋለን» አልኩ።

ለሦስተኛው ምድብ ዕቅዱን ስጽፍ ለውጡ ትንሽ ነበር። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አንዲት የማስታወስ ጥያቄ ገባች፤ በሚዛን ላይ ያለ ዕቃ ክብደቱ ከጨመረ ምን ሆኖ ነው ልንል የምንችለው? የሚጠበቀው መልስ «የሆነ ነገር ተጨምሮበት» ነው። «አድጎ» ወይም «ተነፍቶ» የሚል ከመጣ፣ የታሰረ ፊኛን በእጅ ጨፍልቆ ቅርጹን መለወጥና ክብደቱ ተለውጦ እንደሆነ መጠየቅ የሚል ማሳሰቢያ ታከለበት። አየር ይመዝናል ወይ የሚለውም እዚሁ መጀመሪያ ላይ በአንድ ደቂቃ አለቀ። በሁለተኛው ክፍል በከፍታው ላይ ያደናቀፈን ነገር በሦስተኛው ክፍል ከግርጌው ተነሣ። ጊዜ ለማግኘት ከአራቱ ሌላ ልጨምረው ያሰብኩትን አንድ ጥያቄ ሰረዝኩ፤ «ሙከራውን ብታሻሽሉት እንዴት ትሠሩታላችሁ?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ከመተንተን ያለፈ ነው፣ አሥር ደቂቃም ይፈልጋል። በሦስት ደቂቃ ከሚጠየቅ ባይጠየቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ስለ ፈተናው። በወሩ መጨረሻ የአኻያውን ጥያቄ እንዳለ አላቀረብኩም። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ አራተኛው ጥያቄ የመተንተን ጥያቄ መሆኑ አብቅቷል፤ ለነዚያ ልጆች ማስታወስ ሆኗል። ያቀረብኩት ሌላ መረጃ ነው። የባቄላ ዘር በጨለማ ውስጥ ውኃ ብቻ እየተሰጠው ሲበቅል ቁመቱ ይረዝማል፤ ደርቆ ሲመዘን ግን ከዘሩ ክብደት ያንሳል። «ይህ የቫን ሄልሞንትን ድምዳሜ ይደግፋል ወይስ ይቃወማል?» ከሦስተኛው ምድብ የተሻለ የመለሱት በትምህርቱ ወቅት ብዙ የተናገሩት አልነበሩም። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያችን 2 ኪሎ ከ357 ግራም ራሳቸው ጽፈው ያሰሉት ነበሩ። ቢያንስ የእኔ ትዝብት እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ክፍል የመጨረሻው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ፣ ደወሉ ሊደወል ሲል፣ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አነሣች። «መምህር፣ ዛፉ ሲመዘን እርጥብ ነበር ወይስ ደርቆ?» አለችኝ። አፈሩን አድርቆ እንደ መዘነ ተጽፏል፤ ዛፉን አደረቀው የሚል ግን የለም። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እንዲህ ከሆነ ከጨመረው 74 ኪሎ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ኪሎው ቫን ሄልሞንት እንዳለው በእርግጥ ውኃ ሊሆን ይችላል። ከአየር ነው የሚባለው የቀረው ደረቅ ክፍል ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከአየር አይደለም፤ በስኳሩ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ከ180 ግራም ግሉኮስ 12 ግራሙ እሱ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዕቅድ ላይ «ከውኃ» ከሚለው መልስ ጎን ሁለቱንም ጊዜ «ስሕተት» ብዬ ነበር። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቃሉን ሰርዤ በምትኩ «ከፊሉ እውነት፤ እርጥብ ነው ደረቅ ብለህ ጠይቅ» ብዬ ጻፍኩበት።